ዘጠኝ ነገር ይሠራል፤ ለገዢው የትኛውን እንንገረው?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«እንደምን አላችሁ? እኔና ባልደረባዬ የመድኃኒት ማቀዝቀዣን ሙቀት ቀንና ሌሊት የሚከታተል አነስተኛ መሣሪያ ሠርተን ለፋርማሲዎች መሸጥ ጀምረናል። ቴክኒኩ የእኔ ነው፤ ሽያጩ የእሱ። ለገዢዎች በስልክ የምንልከው ገጽ ላይ ያለውን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ሁለት ሴንሰር፣ በየ5 ደቂቃው ንባብ፣ የስህተት መጠኑ ከ0.5 ዲግሪ የማይበልጥ፣ መብራት ሲጠፋ 72 ሰዓት የሚሠራ ባትሪ፣ ለ3 ሰው የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ማስጠንቀቂያ፣ 60,000 ንባብ የሚይዝ ሜሞሪ፣ ወርሃዊ ሪፖርት በፒዲኤፍ፣ የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት፣ ውኃ የማያስገባ ሽፋን።

ባልደረባዬ “ይህን ማንም አያነበውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጪኝ” ይለኛል። እሱ ራሱ የጻፈው ግን “ለመድኃኒትዎ አስተማማኝ ጥበቃ” የሚል ነው፤ ሳነበው ያመኛል። እኔ ደግሞ ከዝርዝሩ አንዱን ለመቀነስ ስነሳ እጄ አይታዘዝልኝም፤ እያንዳንዱ ወራት የፈጀ ሥራ ነው። በዚህ የተነሳ ከሥራ ጉዳይ ውጭ ማውራት ካቆምን ሰነበትን። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

እህቴ፣ ከዝርዝርሽ ውስጥ የሚጣል ነገር የለም፤ ቦታ የሚቀይር እንጂ። ስለዚህ እጅሽ እንቢ ማለቱ አይግረምሽ፤ ጥያቄው የመቀነስ ጉዳይ መስሎ ስለቀረበልሽ ነው።

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ባልደረባሽ ገዢው አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንደሚሄድ ገብቶታል፤ አንቺ ደግሞ ያ አንድ ነገር ባዶ ቃል መሆን እንደሌለበት ገብቶሻል። የእሱን ዓረፍተ ነገር በሌላ ሻጭ አፍ አድርገሽ ስሚው። ማቀዝቀዣ የሚሸጠው ሰው «ለመድኃኒትዎ አስተማማኝ ጥበቃ» ቢል ያስኬደዋል። የመድን ድርጅት ቢለውም ያስኬዳል፤ የበር ቁልፍ ሻጭም ቢለው ያው ነው። ማንም ሊለው የሚችል ዓረፍተ ነገር ስለ እናንተ መሣሪያ ምንም አልተናገረም። ያንቺ ዝርዝር ደግሞ ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ስሌቱን ለገዢው ይተውለታል። «72 ሰዓት የሚሠራ ባትሪ» ብለሽ ስታቆሚ፣ ይህ ለእሱ ቤት ምን እንደሚፈይድ ራሱ ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። በሥራ የተወጠረ ሰው ደግሞ ያንን አያስብልሽም፤ ገጹን ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዝርዝሩን ስትጽፊ ያነበዋል ብለሽ ያሰብሽው ማንን ነው? እንደሚመስለኝ እንዳንቺ ያለ የቴክኒክ ሰው ነው። የፋርማሲው ባለቤት የሚፈራው ጠዋት በሩን ሲከፍት ሊጣል የሚገባ መድኃኒት ማግኘትን ነው። በትልቅ መጋዘን ያለ የጥራት ኃላፊ የሚፈራው ተቆጣጣሪ መጥቶ ያለፉትን ወራት የሙቀት መዝገብ ሲጠይቀው ክፍት ቦታ መገኘቱን ነው። መሣሪያውን የሚገጥመው ቴክኒሻን ሴንሰሩ የት እንደሚቀመጥና ሽቦው ስንት ሜትር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ማገልገል አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ከዝርዝሩ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሰው ማን እንደሆነ መወሰን ነው። የምትሸጡት ለፋርማሲዎች ስለሆነ በባለቤቱ እንጀምር።

አሁን ከዝርዝርሽ አንዱን አንሺና «እና ምን ይሁን?» እያልሽ ጠይቂው፤ ባለቤቱ ፊትሽ ተቀምጦ እንደሚጠይቅሽ አድርገሽ። ባትሪውን እንውሰድ። 72 ሰዓት ይሠራል። እና ምን ይሁን? መብራት ቢጠፋም መሣሪያው አይጠፋም። እና ምን ይሁን? ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ ስለሚሞቅ፣ መሣሪያው አብሮ ከጠፋ በሚፈለግበት ሰዓት የለም ማለት ነው። እና ምን ይሁን? ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ያውቃል፣ ሄዶም መድኃኒቱን ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ ያዛውራል። እና ምን ይሁን? የሚጣል ዕቃ አይኖርም። እና ምን ይሁን? ትርፉ አይነካም፣ እንቅልፉን ይተኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄውን ሳይጠይቅ ቀርቶ አይደለም፤ የት ማቆም እንዳለበት ባለማወቁ ነው። እስከ ጫፉ ከሄድሽ «ትርፍ» እና «የአእምሮ ሰላም» ላይ ትደርሻለሽ፤ እዚያ ላይ ደግሞ የዓለም ሻጭ ሁሉ ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ። የባልደረባሽ ዓረፍተ ነገርም ከዚያ የመጣ ነው። ማቆሚያውን የምትለዪው እንዲህ ነው፦ መልሱ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ላይ በእጁ የሚያደርገው ነገር ሆኖ ይታይሻል ወይ? «ቤቱ ሆኖ ያውቃል፣ ሄዶ ያዛውራል» የሚለው ይታያል። «ትርፉ አይነካም» የሚለው አይታይም። ስለዚህ ከሚታየው ላይ ቁሚ።

ይህን በዘጠኙም ላይ ስትሠሪ አንድ ነገር ትታዘቢያለሽ፤ ዘጠኙ ወደ ዘጠኝ ቦታ አይሄዱም። ባትሪው፣ ለሦስት ሰው የሚላከው መልእክትና በየ5 ደቂቃው የሚወሰደው ንባብ ተያይዘው አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ ፋርማሲው ተዘግቶ ሳለ ባለቤቱ በጊዜ ያውቃል። ሜሞሪውና ፒዲኤፉ ሌላ ቦታ ይደርሳሉ፤ መዝገቡ ሲጠየቅ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የስህተት መጠኑና ሰርተፍኬቱ ደግሞ ራሳቸውን ችለው ጥቅም አይሆኑም፤ ማስረጃ ናቸው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት የሚፈቀድለት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ 2 ዲግሪ የሚስት መሣሪያ 7 ሲያሳይ እውነቱ 9 ሊሆን ይችላል። ግማሽ ዲግሪ ብቻ የሚስት ሲሆን ግን መልእክቱ ይታመናል። ሁለቱ ሴንሰሮችና ውኃ የማያስገባው ሽፋን ለቴክኒሻኑ ናቸው፤ በዝርዝር ሰንጠረዡ ላይ በክብር ይቀመጡ።

እንግዲህ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ «በጊዜ ማወቅ» እና «የተዘጋጀ መዝገብ»። ከሁለቱ ለመምረጥ ሦስት ነገር አይተሽ ወስኚ። ባለቤቱን የበለጠ የሚያስከፍለው የቱ ነው? አሁን በእጁ ባለው ዘዴ መሥራት የማይችለው የቱን ነው? አንቺስ በማስረጃ ማሳየት የምትችዪው የቱን ነው? መዝገብ በእጅ ሊያዝ ይችላል፤ በብዙ ቦታ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቶ ወረቀት ላይ መጻፍ የተለመደ ነው። ሌሊት ግን የሚያየው የለም። ፋርማሲው ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተዘግቶ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቢከፈት፣ መሐል ያለው 63 ሰዓት ነው። የ72 ሰዓቱ ባትሪሽ ያንን ሸፍኖ ትርፍ አለው፤ ይህን የመሰለ ስሌት ነው ገዢው እንዲሠራው የማይገባው። እንግዲህ ለባለቤቱ «በጊዜ ማወቅ» ያሸንፋል።

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። መጀመሪያ ብዕርሽ ላይ የሚመጣው ይህን የመሰለ ይሆናል፦

«መሣሪያችን ባለው የ72 ሰዓት ባትሪና ለሦስት ተቀባዮች በሚልከው መልእክት አማካይነት የሙቀት መዛባትን በፍጥነት ያሳውቅዎታል።»

ውሸት የለበትም፤ ግን አይሠራም። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የቸኮለ ዓይን የሚያርፍባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቃላት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ያስቀመጥሽው ባትሪሽን ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የእሱ ጉዳይ ይሁን። «የሙቀት መዛባት» የቴክኒሻን ቋንቋ ነው፤ ባለቤቱ «ፍሪጁ ሞቋል» ነው የሚለው። «በፍጥነት» ደግሞ ምንም አይለካም፤ ለአንዱ አምስት ደቂቃ፣ ለሌላው ግማሽ ቀን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይወጣል፦

«ማቀዝቀዣዎ ሌሊት ቢሞቅ በ15 ደቂቃ ውስጥ በስልክዎ ያውቃሉ፤ የወር ሪፖርትዎም ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።»

የመጀመሪያው ግማሽ ደህና ነበር። «የወር ሪፖርትዎም» ላይ ያለችው «ም» ግን አበላሸችው። ሁለት ጥቅም ጎን ለጎን ሲቆም አንባቢው አንዱንም አጥብቆ አይዝም፤ ሲጠየቅም «ሪፖርት የሚሠራ ነገር ነው መሰለኝ» ብሎ ደካማውን ይዞ ይቀራል። ሪፖርቱ ከሥር ይውረድ።

ሦስተኛው ፈተና ደግሞ ከባልደረባሽ የሚመጣ ይመስለኛል፤ «መድኃኒትዎ አይበላሽም» እንበል ሊልሽ ይችላል። እዚህ ላይ ጠንክሪ። መሣሪያችሁ አያቀዘቅዝም፤ ያሳውቃል። ባለቤቱ መልእክቱን አይቶ ቢተኛ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ቃል የገባችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ሙቀቱ ከ8 አለፍ ስላለ ብቻ መድኃኒት ሁሉ ወዲያው ይበላሻል ማለትም አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚታገስ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ የሚናገረውም አምራቹ ነው። እናንተ በእርግጠኝነት የምትሰጡት ጊዜን ነው። ስለዚህ፦

«ፋርማሲዎ ተዘግቶ ሳለ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ፣ ሄደው መድኃኒቱን እንዲያዛውሩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስልክዎ ላይ መልእክት ይደርስዎታል።»

ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የራሱ ፋርማሲ አለበት። መቼ እንደሚጠቅመው፣ ምን እንደሚሆን፣ በስንት ደቂቃ እንደሚሆንና እሱ ምን እንደሚያደርግ ተነግሮታል። ከዝርዝርሽ ውስጥ አንድም ነገር በስሙ አልተጠራም፤ ሦስቱ ግን ውስጡ ሆነው እየሠሩ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ መሐል ላይ መተንፈስ ካስፈለገሽ ገና ረዝሟል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ «ቢቀዘቅዝስ?» ሊል ይችላል፤ አንቺም ሳትዪው አትቀሪም። እውነት ነው፤ እንደ ኢንሱሊን ያለ መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም አይሰጥም፤ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። ነገር ግን «ቢሞቅ ወይም ከ2 ዲግሪ በታች ቢወርድ» ብለሽ ስትጨምሪ ዓረፍተ ነገሩ ወደ መመሪያ መጽሐፍ ይጠጋል። ገዢው ቀድሞ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ በእሱ ግቢ፣ ብርዱን ከሥር አስከትዪ።

ከሥር ስል፣ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ሦስት አጫጭር መስመሮች፣ ከእነሱም በታች ሰንጠረዡን ማለቴ ነው። የመስመሮቹ ሥራ ማስረዳት ሳይሆን፣ ዋናውን ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያነሳውን ጥርጣሬ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ «መብራት ከሌለስ?» የሚል ነው፤ ባትሪው ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት እንደሚበቃ እዚያ ይነገር። ሁለተኛው «በሩን በከፈትኩ ቁጥር ሊጮህብኝ ነው?» የሚል ይሆናል። ሁለት ተከታታይ ንባብ ከክልሉ ካልወጣ መልእክት እንዳይልክ አድርገሽው ከሆነ ንገሪው፤ የስህተት መጠኑና ሰርተፍኬቱም ቦታቸው እዚሁ ነው። ሦስተኛው «እኔ ስልኬን ባላየውስ?» ነው፤ ለሦስት ሰው መላኩ መልሱ ነው። ብርዱን፣ ሪፖርቱንና ሜሞሪውን ከዚህ ዝቅ ብለሽ በሰንጠረዥ አስቀምጪ። ሜሞሪውን ግን ወደ ጊዜ ቀይሪው። ሁለት ሴንሰር በየ5 ደቂቃው ሲያነብ በቀን 576 ንባብ ነው፤ 60,000ው ከሦስት ወር በላይ ይበቃል። «ከሦስት ወር በላይ መዝገብ ይይዛል» ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

አሁን ወደ 15 ደቂቃዋ ልመለስ፤ እኔ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳት ነች፤ አንቺ ሳትለኪ እንዳትጽፊያት። በየ5 ደቂቃው የሚያነብ መሣሪያ ሙቀቱ 8ን ማለፉን የሚያየው በከፋ ቢባል ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ንባብ ከጠበቀ 10 ይሆናል። ከዚያ በላይ መልእክቱ በኔትወርክ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ እሱ ደግሞ በእጅሽ አይደለም። ሴንሰሩን ከማቀዝቀዣው አውጥተሽ 8 ዲግሪን ካለፈበት ቅጽበት ጀምሮ መልእክቱ ስልክ ላይ እስኪደርስ ሰዓት ያዢ። ይህን 20 ጊዜ አድርጊው፤ መብራቱን ነቅለሽም፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ክፍል ውስጥም፣ ሌሊትም። ገጹ ላይ የሚጻፈው አማካዩ ሳይሆን ከሃያው ውስጥ የዘገየው ነው። ገዢ የሚያስታውሰው የዘገየባትን ሌሊት ነውና። ኔትወርክ ጭራሽ ከሌለ መልእክቱ እንደማይደርስም በሰንጠረዡ ላይ በግልጽ ጻፊ፤ መሣሪያው በራሱ ድምፅ የሚጮህ ከሆነ እሱንም ጨምሪ።

ስለ ባልደረባሽ ልመለስ፤ ጥሉ የሰፋው እሱ ያንቺን ሥራ የናቀ፣ አንቺም የእሱን ገበያ ያላወቅሽ ስለመሰላችሁ ይመስለኛል። እንዲህ ብታደርጉስ? ለአንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። እሱ የመጨረሻዎቹን አምስት ገዢዎች ከመግዛታቸው በፊት የጠየቁትን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ፤ ሳያሳምር። አንቺ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የሚመልሰውን ነገር ከዝርዝርሽ አምጪ። ከአምስቱ ሦስቱ «ሌሊት ቢሞቅስ» ዓይነት ጥያቄ ከሆኑ ዓረፍተ ነገሩ ከላይ ያለው ነው። አብዛኞቹ ስለ መዝገብ የጠየቁ ከሆነ ግን የእኔን ምርጫ ጣሉትና ከመዝገቡ ተነሱ፤ መንገዱ ያው ነው። ክርክሩም በዚያው ከእናንተ አፍ ወጥቶ ወደ ገዢዎቹ አፍ ይሄዳል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ፋርማሲ ለሚመሩ፣ መሣሪያችሁን ለማያውቁ አምስት ሰዎች አሳዩ። በስልክ ላይ ለ5 ሰከንድ ብቻ፤ ከዚያ ስልኩን መልሳችሁ ያዙ። «ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በይሉኝታ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ይህ ነገር ምን ያደርግልዎታል?» ብቻ በሉ። «ቴርሞሜትር ነው» ካሉ ዕቃውን እንጂ ጥቅሙን አላዩም፤ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ቀይሩ። «ሌሊት ፍሪጁ ሲሞቅ የሚነግረኝ ነው» ካሉ ደርሷል። «ኔትወርክ ከሌለስ?» ብለው ከተነሱ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ዋናው ገብቷቸው ወደ መግዛቱ ክርክር አልፈዋል ማለት ነው፣ መልሱም ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ላይ መግባት አለበት።

ወደፊት ለመጋዘን የጥራት ኃላፊዎችም መሸጥ ስትጀምሩ ሌላ ገጽ አዘጋጁ። እዚያ የሚመራው ፒዲኤፉና ሰርተፍኬቱ ነው፤ ለምሳሌ «ተቆጣጣሪ ያለፉትን ሦስት ወራት የሙቀት መዝገብ ሲጠይቅዎ፣ ክፍተት የሌለበትን ሪፖርት እዚያው አትመው ይሰጣሉ።» የሌሊቱ መልእክት ደግሞ በተራው ከሥር ይወርዳል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ግን በአንድ ገጽ ላይ አታገናኟቸው፤ ገጹ ሲላክ የተቀባዩን ኃላፊነት አይቶ የሚመርጠው ባልደረባሽ ይሁን።